አምስት ዓምዶች ያሉት ስላይድ፦ የሚናገረውና የማይናገረው

በጤና ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ግራፍ አለ። አምስት ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ እያጠሩ ይሄዳሉ። አናታቸው ላይ 166፣ 123፣ 88፣ 67 እና 59 ተጽፏል። ከሥራቸው 2000፣ 2005፣ 2011፣ 2016 እና 2019 ተደርድሯል። ከላይ ደግሞ በደማቅ ፊደል «የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ» የሚል ርዕስ እናስቀምጥበት። ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው፤ በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተከታታይ ሪፖርቶች ውስጥ ታትመዋል። ርዕሱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ርዕስ አይቶ የማያውቅ ተሰብሳቢ ያለ አይመስለኝም።

አቅራቢው ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳይቶ ያልፋል። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ አንዱ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አዘጋጅ ነው። ሦስቱም ያዩትን በጽሑፍ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። በማግስቱ «በ2019 ዓ.ም. ለጤና ኤክስቴንሽን ምስጋና ይግባውና የሕፃናት ሞት ወደ 59 በመቶ ወረደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢወጣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይህ አንድ መስመር ግን ሦስት ስህተቶች ተሸክሟል። 59ኙ በመቶ አይደለም። ዘመኑ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ምክንያቱም ከግራፉ የተገኘ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ዓምዱ ሳይሆን ከቋሚው መስመር አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው መለኪያ ነው። እዚህ ግራፍ ላይ «በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት» ይላል። ስለዚህ 59 ማለት በሕይወት ከተወለዱ ሺህ ሕፃናት ውስጥ 59ኙ አምስተኛ ልደታቸውን ሳይደርሱ ይሞታሉ ማለት ነው። በመቶኛ ቢሰላ ስድስት እንኳ አይሞላም። ለተራ አንባቢ ቀለል ብሎ እንዲገባው ከፈለግን «ከ17 ሕፃናት አንዱ ገደማ» ልንል እንችላለን። የመጀመሪያው ዓምድ፣ 166፣ ደግሞ ከስድስት አንድ ነው። ቁጥሩ ምጣኔ እንጂ የሟቾች ድምር አለመሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በየዓመቱ የሚወለዱ ሕፃናት ብዛት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ምጣኔው በ64 በመቶ ወረደ ማለት የሞቱት ሕፃናት ብዛት በዚያው ልክ ወረደ ማለት አይደለም። ስለ ብዛት መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሠንጠረዥ መፈለግ አለበት።

ቀጥሎ ዓመቱ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። እነዚህ አምስት ጥናቶች የተካሄዱት በእኛ አቆጣጠር በ1992፣ በ1997፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2011 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው፣ አነስተኛው ጥናት የሚባለው፣ መረጃው የተሰበሰበው ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. 2019 ነው። እ.ኤ.አ. 2011 የሚል መለያ ያለው ጥናት ደግሞ የተካሄደው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስላይዱ ላይ «2011» ብቻ ተጽፎ ከሆነ 88ን የሚያመለክተው ዓምድ ነው ወይስ 59ን? በአንድ አቀራረብ ውስጥ አንዱ ግራፍ ከእንግሊዝኛ ሪፖርት ተገልብጦ፣ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ ተሠርቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱ አቆጣጠሮች ይቀላቀላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መጻፍ፣ በጽሑፉ ውስጥም ከሁለቱ በአንዱ ጸንቶ መቆየት። እኔም ከዚህ በኋላ የጥናቶቹን ዓመት የምጠራው በስላይዱ ላይ እንዳሉት፣ እ.ኤ.አ. ነው።

የዓመቱ ነገር በዚህም አያበቃም። ጥናቱ የሞት ምጣኔውን የሚያሰላው እናቶችን ስለ ወለዷቸው ልጆች ሁሉ፣ መቼ እንደተወለዱና በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን በመጠየቅ ነው። ዋናው አኃዝ የሚሸፍነውም ከጥናቱ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ነው። ስለዚህ 2016 ከሚለው ዓምድ በላይ ያለው 67 የ2016 ዓመት አኃዝ ሳይሆን በግምት ከ2011 እስከ 2016 ያለው ዘመን አኃዝ ነው። «በ2016 ከሺህ ሕፃናት 67ቱ ሞቱ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። «በ2016 በተደረገው ጥናት መሠረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት» ማለት ይረዝማል፤ ትክክሉ ግን እሱ ነው። ርዝመቱ ከከበደን ሙሉውን አንድ ጊዜ ጽፈን በቀጣዮቹ ዓረፍተ ነገሮች «በ2016ቱ ጥናት» እያልን መሄድ እንችላለን። ይህ ዝርዝር እዚህ ላይ የማይረባ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ወደ ምክንያት ጉዳይ ስንደርስ ግን ትልቅ ቦታ ይይዛል።

በዓምዶቹ አናት ላይ ቁጥር ካለ ሥራው መቅዳት ብቻ ነው። ብዙ ስላይድ ግን ቁጥር የለውም፤ አግድም ስስ መስመሮችና ቁመት ብቻ ናቸው ያሉት። የስላይዱ ፋይል እጃችን ላይ ካለ መገመት አያስፈልግም። በፓወርፖይንት ግራፉን በቀኝ ጠቅታ ነክቶ `Edit Data` የሚለውን መምረጥ ነው፤ ግራፉ እንደ ፎቶ ካልተለጠፈ በስተቀር ከጀርባው ያለው ሠንጠረዥ ይከፈታል። ያለን የታተመ ወረቀት ወይም ፎቶ ከሆነ ማስመሪያ እንያዝ። ከ0 እስከ 200 ያለው ቋሚ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 20 ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ዓምድ 4.4 ሴንቲ ሜትር ቢለካ 88 ይሰጠናል። ግን አንድ ሚሊ ሜትር ብንሳሳት ሁለት ቁጥር ስተናል። ስለዚህ በጽሑፍ የምናሰፍረው «ወደ 88 ገደማ» ነው። በማስመሪያ የተገኘ ቁጥር በነጥብ ክፍልፋይ ሲጻፍ ካየሁ ጸሐፊውን አላምነውም፤ ዓይን የማያየውን ትክክለኛነት እየሸጠ ነው።

ቋሚው መስመር ከዜሮ መጀመሩን ማረጋገጥም የዚሁ ሥራ አካል ነው። የእኛ ግራፍ ከ50 ቢጀምር ኖሮ የመጀመሪያው ዓምድ ከመጨረሻው 13 እጥፍ ገደማ ረዝሞ ይታይ ነበር፤ እውነተኛው ልዩነት ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው አይታለልም፤ ቅርጹን አይቶ «እጅግ አሽቆለቆለ» ብሎ የሚጽፍ ግን ይታለላል። አግድሙ መስመርም እንዲሁ ያሳስታል። ዓምዶቹ እኩል ርቀት ላይ ቆመዋል፤ በጥናቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ግን እኩል አይደለም። አምስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ከዚያም ሦስት ዓመት ነው።

ይህ የርቀት ልዩነት ወደ አዝማሚያው ያስገባናል። በስላይዱ ላይ ካለው ሁሉ በትክክል ለመጻፍ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ዓምዶቹን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚለው «መጀመሪያ በፍጥነት ወረደ፣ በኋላ ቀዘቀዘ» ነው። እውነት ነው? ልዩነቶቹን እናስላ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ጥናት የወረደው 43 ነው፤ ቀጥሎ 35፣ ከዚያ 21፣ በመጨረሻም 8። ይህን በመካከል ላሉት ዓመታት ስናካፍለው በዓመት በአማካይ 8.6፣ ከዚያ 5.8፣ ከዚያ 4.2፣ በመጨረሻም 2.7 እናገኛለን። በዚህ ስሌት ቅነሳው በርግጥ ቀዝቅዟል። የመጨረሻው ፍጥነት የመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላ መንገድ እንጠይቅ። በእያንዳንዱ ዓመት ምጣኔው ካለበት ላይ ስንት በመቶው ቀነሰ? እንዲህ ሲሰላ በመጀመሪያው ዘመን በዓመት 5.8 በመቶ፣ ቀጥሎ 5.4፣ ከዚያ 5.3፣ በመጨረሻ 4.2 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እኩል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ቀዘቀዘ» የሚለው ፍርድ የቆመው እንግዲህ በየትኛው ስሌት እንደተጠቀምን ላይ ነው። ከ166 ላይ 43 መቀነስና ከ67 ላይ 8 መቀነስ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚቀነሰውም ማነሱ አይቀርም። ሐቀኛ ጸሐፊ ከሁለቱ አንዱን መርጦ «በቁጥር ሲታይ» ወይም «በመቶኛ ሲታይ» ብሎ ይናገራል። ቦታ ካለው ሁለቱንም ይጽፋል። «ፍጥነቱ ቀንሷል» ብሎ ብቻ መተው ግን አንባቢን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

መስመር ግራፍ ከሆነ ሌላ ፈተና ይጨመራል። ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር በየዓመቱ የተለካ ያህል ይታያል። በ2011 እና በ2016 መካከል ያለው ቀጥ ያለ መስመር ግን የሠዓሊው እንጂ የጥናቱ አይደለም፤ በመካከል ያሉ ዓመታት ለየብቻቸው አልተለኩም። «ከዓመት ዓመት ያለማቋረጥ ቀነሰ» የሚለው ሐረግ ለዚህ ነው የማይመቸኝ። «በእያንዳንዱ ጥናት ካለፈው ጥናት ያነሰ ሆኖ ተገኘ» ማለት የምናውቀውን ያህል ብቻ መናገር ነው።

በመቶኛ የተሰላ ግራፍ ላይ የሚሠራውን ስህተት ለማሳየት ከዚያው ጥናት ሌላ ስላይድ እንውሰድ። በጤና ተቋም የተካሄደ ወሊድ በ2016ቱ ጥናት 26 በመቶ ነበር፤ በ2019ኙ 48 በመቶ ሆነ። «በ22 በመቶ ጨመረ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ስህተትም ነው። ከ26 ላይ 22 በመቶ ቢጨመር 32 አይሞላም። ትክክሉ «በ22 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ» ወይም «በ85 በመቶ ገደማ ጨመረ» ነው። ከሁለቱም የሚሻለው ግን መነሻና መድረሻውን መስጠት ነው፦ «ከ26 ወደ 48 በመቶ ከፍ አለ»። ሁለቱን ጫፎች የያዘ አንባቢ ሌላውን ራሱ ያሰላዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በጥንቃቄና በስሌት የሚፈታ ነው። ምክንያት ግን በስሌት አይፈታም። ወደ ርዕሱ እንመለስ፦ «የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሕፃናትን ሞት ቀነሰ።» በግራፉ ላይ ያሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ዓመትና የሞት ምጣኔ። ጤና ኤክስቴንሽን የሚባል ዓምድ የለም። ርዕሱ የመጣው ከአቅራቢው እውቀት ወይም ከአቅራቢው ምኞት ነው፤ ከየትኛው እንደሆነ ስላይዱ አይነግረንም።

ጊዜውን ራሱን እንመርምረው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ሠራተኞቹ በየቀበሌው የተዳረሱት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በቁጥር ትልቁ ቅነሳ፣ ከ166 ወደ 123፣ የተመዘገበው ግን በ2005ቱ ጥናት ነው። ጥናቱ የሚሸፍነው ደግሞ ቀደም ብለን እንዳልነው በፊቱ ያሉትን አምስት ዓመታት ማለትም በግምት ከ2000 እስከ 2005 ያለውን ዘመን ነው። የዚህ ዘመን አብዛኛው ክፍል ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ወይም ገና እግሩን ሲተክል ያለፈ ነው። በኋለኞቹ ዘመናትም ብቻውን አልነበረም። ሳንባ ምችን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት በ2011፣ ተቅማጥ የሚያስከትለውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በ2013 ለአገሪቱ ሕፃናት መሰጠት ጀምሯል። የአልጋ አጎበር ተሠራጭቷል፤ ትምህርት ቤት የገቡ ሴቶች በዝተዋል፤ መንገድ ተሠርቷል። አንድ ተራ ዓምድ ይህን ሁሉ ለያይቶ የእያንዳንዱን ድርሻ ሊያሳይ አይችልም።

ይህን ስል ጤና ኤክስቴንሽን አልረዳም ማለቴ አይደለም። ግራፉ አላለም ማለቴ ነው። ረድቷል ለማለት ሌላ ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ፕሮግራሙ ቀድሞ የደረሳቸውንና ዘግይቶ የደረሳቸውን ተመሳሳይ አካባቢዎች የሚያነጻጽር ጥናት። እንዲህ ያለ ጥናት ካለ ጸሐፊው እሱን ይጥቀስ። ከሌለ አቅራቢው ያሉትን በአቅራቢው አፍ ያስቀምጥ፦ «አቅራቢዋ ለቅነሳው ምክንያት ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ነው፤ ያሳዩት ግራፍ ግን የሞት ምጣኔውን ብቻ የያዘ ነው።» በዚህ አጻጻፍ ማንም አይከሰስም፣ ምንም አይፈጠርም፤ አንባቢም የትኛው ቁጥር የትኛው አስተያየት እንደሆነ ይለያል።

ምክንያት ሁልጊዜ «ምክንያቱም» ብሎ በዋናው በር አይገባም። «መርሃ ግብሩ መጀመሩን ተከትሎ ሞት ቀነሰ»፣ «ከክትባቱ መስፋፋት ጋር ተያይዞ ሞት ወረደ»፣ «ጤና ኬላዎች ተገንብተው ሞት ቀንሷል»። ሦስቱም የጊዜ ቅደም ተከተል የሚናገሩ ይመስላሉ፤ አንባቢ የሚረዳቸው ግን እንደ ምክንያት ነው። በተለይ «ተከትሎ» የዜና ቤቶቻችን ተወዳጅ በመሆኑ ማንም ሳይጠረጥረው ያልፋል። ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን መሆናቸውን ብቻ መናገር ከፈለግን ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርገን በነጥብ መለየት ይሻላል። «የሞት ምጣኔው በአምስቱ ጥናቶች ከ166 ወደ 59 ወርዷል። በእነዚሁ ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሯል፤ አዳዲስ ክትባቶችም ገብተዋል። ጥናቱ የእያንዳንዱን ድርሻ አይለይም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ካልተጨመረች የቀሩት ሁለቱም ወደ «ተከትሎ» ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት የመሰለው ሰው ሁለት ስላይዶችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። አንዱን አይተነዋል፤ በጤና ተቋም የሚካሄድ ወሊድ ከ2016 ወደ 2019 ከ26 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ሁለተኛው በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ጨቅላ ሕፃናትን የሚያሳይ ነው። ይህ ምጣኔ በ2000 ከነበረበት 49 በ2016ቱ ጥናት ወደ 29 ወርዶ ነበር። በ2019ኙ ሙሉ ሪፖርት ግን 33 ነው። ሁለቱን በአንድ ሸራ ላይ ብንሥላቸው ሁለቱም መስመሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። ታዲያ «በጤና ተቋም መውለድ መስፋፋቱን ተከትሎ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ አለ? ማንም አይደፍርም፤ ልክም ነው። ግን ልብ እንበል፦ ከአምስቱ ዓምዶች ተነስቶ ጤና ኤክስቴንሽንን ያመሰገነው አካሄድና ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ተነስቶ ጤና ተቋምን የሚከሰው አካሄድ አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ ደስ የሚያሰኘንን፣ ሌላው የማያሰኘንን መናገሩ ብቻ ነው። ደስ ሲለን የምንቀበለውን፣ ሲከፋን የምንጥለውን ዘዴ ማስረጃ ብለን ልንጠራው አንችልም።

ደግሞስ ከ29 ወደ 33 በርግጥ ጨምሯል? እዚህ ላይ ስላይድ የማይነግረን ሌላ ነገር አለ። ጥናቱ ቆጠራ አይደለም፤ በናሙና የተሠራ ነው። በ2016 የተጠየቁት ሴቶች 15,683 ሲሆኑ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 8,885 ብቻ ነበሩ። ናሙናው ሲያንስ፣ የሚለካው ነገርም እንደ ጨቅላ ሞት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ሲሆን፣ አኃዙ በአጋጣሚ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንሸራተትበት ክልል ይሰፋል። የእነዚህ ጥናቶች ሙሉ ሪፖርት በስተኋላው የናሙና ስህተት ሠንጠረዦች አሉት። እያንዳንዱ ዋና አኃዝ ከነዝቅተኛና ከነከፍተኛ ወሰኑ ተዘርዝሯል። የሁለቱ ጥናቶች ወሰኖች በሰፊው ከተደራረቡ «ጨመረ» ማለት አይቻልም፤ «በ2016 29፣ በ2019 33 ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱ በናሙና ምክንያት ከሚመጣው መዋዠቅ ላይወጣ ይችላል» ማለት ግን ይቻላል። ከ166 ወደ 59 ያለው ልዩነት እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አያነሳም፤ እሱ በጣም ሰፊ ነው። ከ67 ወደ 59 ያለው ግን ወሰኑ ሳይታይ ባይደመደምበት ይመረጣል።

አንድ ቁጥር ሁለት መልክ ይዞ ሊመጣ እንደሚችልም ማወቅ ይጠቅማል። የ2019ኙ ጥናት መጀመሪያ በዚያው ዓመት በወጣው አጭር ሪፖርት ከአምስት ዓመት በታች ያለውን የሞት ምጣኔ 55፣ የጨቅላ ሕፃናቱን 30 ብሎ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙሉ ሪፖርት 59 እና 33 አድርጓቸዋል። ዛሬም አንዳንዱ ስላይድ 55፣ አንዳንዱ 59 ይላል። ሁለቱም «2019» የሚል መለያ አላቸው፤ አንዳቸውም ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉም። ሆኖም 55ን የያዘ ጸሐፊ ከ2016 ወዲህ 12 ቀነሰ ይላል፤ 59ን የያዘው 8 ይላል። መጠቀም የሚገባው የኋለኛውን፣ የሙሉውን ሪፖርት አኃዝ ነው። ይህንን ለመለየት ግን በስላይዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን የምንጭ መስመር ማንበብ ግድ ይላል። ፎቶ ስናነሳ ብዙውን ጊዜ የምንቆርጣት መስመር ደግሞ ያቺው ናት።

እንግዲህ ያ በማግስቱ የወጣው አንድ መስመር እንዴት መጻፍ ነበረበት? እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሞት ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተደረገው ጥናት እስከ 2019ኙ ድረስ፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ166 ወደ 59 ወርዷል። አኃዞቹ ከየጥናቱ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ይሸፍናሉ። ቅነሳው በአጠቃላይ 64 በመቶ ነው። በቁጥር ሲታይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወረደው ይበልጣል፤ በመቶኛ ሲታይ ግን እስከ 2016 ድረስ በዓመት ከአምስት እስከ ስድስት በመቶ አካባቢ ሆኖ ቆይቷል። አቅራቢዋ ለውጡን ከጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጋር አያይዘውታል፤ ጥናቶቹ ግን የለውጡን ምክንያት ለይተው አልለኩም።»

ከመጀመሪያው መስመር ይረዝማል፤ ለዜና ርዕስም አይመችም። አዘጋጁ ማሳጠር ግድ ከሆነበት መጀመሪያ የሚቆረጠው የቅነሳው ፍጥነት ነው፤ ቀጥሎ የአቅራቢዋ አስተያየት። ምጣኔው ከስንት እንደሆነ፣ የትኛው ጥናትና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ግን አይነካም። የአቅራቢዋ አስተያየት ከቀረ ደግሞ ምክንያት የሚባለው ነገር በሙሉ አብሮ ይቅር እንጂ አስተያየቱ የጥናቱ ግኝት መስሎ ብቻውን እንዳይቀመጥ።

ስላይድ ለምታዘጋጁም አንድ ነገር ልጠይቅ። ርዕሳችሁ ዓምዶቹ የሚሉትን ብቻ ይበል፦ «ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሞት ምጣኔ፣ ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ፣ 2000–2019 እ.ኤ.አ.»። ምክንያቱን በቃል አስረዱ፤ ማስረጃውንም በራሱ ስላይድ አሳዩ። የምንጯን መስመር ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሊያነባት በሚችል ፊደል ጻፏት።